እንግዳችሁን በምግብ ከተማውን አሳዩት፦ ከማብሰያ ትምህርቱ ወደ ኋላ የሚታቀድ የአራት ቀን ጉዞ

ከውጭ የመጣ ሰው ቤታችሁ ሲያርፍ የመጀመሪያው ጥያቄ "ምን እናሳየው?" ነው። እኔ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ መልሴ አንድ ሆኗል። ገበያ እወስደዋለሁ፣ መንገድ ዳር አበላዋለሁ፣ ከዚያ አንድ ቀን ራሱ እንዲያበስል አደርጋለሁ። ሦስቱን በምን ቅደም ተከተል እንደማያይዛቸው ግን የተማርኩት ተሳስቼ ነው።

የአክስቴ ልጅ በልጅነቷ ወደ ስዊድን ወጥታ እዚያው አገባች። መጀመሪያ ከባሏ ጋር ስትመጣ ጠዋት መርካቶ፣ ከሰዓት የዶሮ ወጥ ትምህርት ብዬ ለአንድ ቀን አቀድኩ። ቀኑ ዓርብ ነበር። መርካቶ ስንደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ተቃርቦ ነበር። የጁምዓ ሶላት ሰዓት ደርሶ የምንፈልጋቸው ሱቆች አንድ በአንድ ተዘጉ። የገዛነውን ትንሽ ነገር ይዘን እቴቴ ቤት ሄድን። እቴቴ የምንላቸው ጎረቤታችን ናቸው፣ ሙያቸው ሰፈሩን ያስንቃል። ዶሮውን እንደ ልማዳቸው ሠሩት። ሊጠናቀቅ ሲል ጨው ጨመሩና ማንኪያውን ወደ እኔ ዘረጉ። "ቅመሺው ልጄ፣ እኔ ጾም ነኝ" አሉ። እኔም እጾማለሁ። የሚቀምሰው የአክስቴ ልጅ ባል ብቻ ነበር፣ እሱ ደግሞ ዶሮ ወጥ በሕይወቱ ቀምሶ አያውቅም። ጨው በዛበት። እቴቴ ያዘኑት ማዘን እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

ከዚያ ወዲህ ከትምህርቱ ተነስቼ ወደ ኋላ ነው የማቅደው። መጀመሪያ የሚበስለውን ወጥና ቀኑን እቆርጣለሁ። ገበያው ለዚያ ወጥ የሚሆነውን መግዣ ይሆናል። የመንገድ ዳር ምግቡ በመሃል ያለውን ቀዳዳ ይሞላል። ከታች የምጽፈው ባልና ሚስቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ያደረግነውን ነው። ረቡዕ ገብተው ቅዳሜን ውለው የሄዱበት ጉዞ ነው።

መጀመሪያ ወጡንና ቀኑን ቁረጡ

ለትምህርት የምመርጠው ዶሮ ወጥ ሳይሆን ምስር ወጥ ነው። ብዙ ሰው በዚህ አይስማማም፣ እንግዳ ለማክበር ዶሮ ይገባል ይላል። ዶሮ ግን በልቶ የሚከበርበት ነው እንጂ ለጀማሪ መማሪያ አይሆንም። መገነጣጠሉና ማጠቡ ብቻ ጠዋቱን ይበላዋል። ሽንኩርቱ ብዙ ነው፣ ቁሌቱ ሰዓታት ይፈልጋል። እንግዳው ቆሞ ከማየት በቀር የሚሠራው አይኖርም። የምስር ወጥ ቁሌት ግን ከዶሮው ጋር አንድ ዓይነት ጥበብ ነው፣ በግማሽ ቀን ያልቃል። ምስር ክክ ደግሞ ስቶክሆልምም ይገኛል። ያገኘውን ሙያ አገሩ ሄዶ ሊደግመው ይችላል።

ምስር ወጥ የጾም ስለሆነ ዓርብ ላይ ይቀመጣል። አብሳይዋ ትቀምሳለች፣ እኛም አብረን እንበላለን። ሥጋ የሚበላበት ቀን ለሐሙስና ለቅዳሜ ይተርፋል። አጥብቀው እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ሴት ከሆኑ ግን ምሳው ላይ አይቀምሱም። ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ካስፈለገ ትምህርቱን ወደ ከሰዓት ግፉት።

ረቡዕና ዓርብ ዓመቱን ሙሉ ጾም ናቸው፤ ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት፣ እንዲሁም በእነዚህ ቀኖች የዋሉ ገናና ጥምቀት ይለያሉ። እንግዳችሁ በዐቢይ ጾም ወይም ከነሐሴ 1 ጀምሮ ባለው ፍልሰታ ከመጣ ዕቅዱ ሁሉ ወደ በያይነቱ፣ ሽሮና ዓሣ ይዞራል። ብዙ ሥጋ ቤት ይዘጋል ወይም ይቀዘቅዛል። ቅር አይበላችሁ። የጾም ምግብ ለማይጾም እንግዳ አዲስ ነገር ነው።

ቀኖቹ ከተቆረጡ በኋላ በወረቀት ጻፉላቸውና ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር አስቀምጡ። "ዓርብ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በእነሱ 9:00" ብላችሁ። "በሦስት ሰዓት እንገናኝ" የተባለ እንግዳ ቀጠሮው ከሰዓት በኋላ መስሎት ጠዋቱን ሙሉ ሲተኛ አይቻለሁ።

እንጀራው ከእንግዳው በፊት ይጀመር

የሚረሳው ይህ ነው። ወጡ በግማሽ ቀን ይደርሳል፣ እንጀራ ግን ሦስት ቀን ይፈልጋል። ትምህርቱ ዓርብ ጠዋት ከሆነ ሊጡ ማክሰኞ ማታ መቦካት አለበት። እንግዶቹ ገና አውሮፕላን ላይ ሳይወጡ ማለት ነው። እኔ ማክሰኞ ከሰዓት ለእቴቴ ደውዬ "እንዳይረሳ" እላለሁ። እሳቸው ለሁለት ኪሎ ያህል የጤፍ ዱቄት እርሾ ጨምረው ያቦካሉ። ብርድ በጠናበት ወቅት፣ በክረምትም ሆነ በኅዳርና ታኅሣሥ፣ ሊጥ ቶሎ አይነሳም። ያኔ አንድ ቀን ጨምሩ።

ዓርብ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ እቴቴ ላዩ ላይ ያረፈውን ቢጫማ ውሃ ይደፋሉ። ከሊጡ ትንሽ ቆንጥረው በውሃ አቅጥነው እሳት ላይ እያማሰሉ አብሲት ይጥላሉ። አብሲቱ እንደ አጥሚት ወፈር ሲል አውርደው በረድ አድርገው ከሊጡ ጋር ይቀላቅሉታል። እንግዶቹ ሲደርሱ ሊጡ ኩፍ ብሎ ይጠብቃቸዋል። ይህን ክፍል ስለማያዩት በቃል ንገሯቸው። ካልሆነ እንጀራ ልክ እንደ ፓንኬክ በጠዋት ተበጥብጦ የሚጋገር ይመስላቸዋል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ወደ እንግዳው አስቀድማችሁ ላኩ። ስንዴ የማይስማማው አለ ወይ? ጤፍ ራሱ ግሉተን የለውም። ከሱቅ የሚገዛ እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ ገብስ፣ ስንዴ ወይም ሌላ እህል ይቀላቀልበታል። እንዲህ ያለ እንግዳ ካለ ቤት በንጹህ ጤፍ የተጋገረውን ብቻ ይብላ፣ ምግብ ቤት ስትሄዱም እንጀራውን ይዛችሁለት ሂዱ። ለውዝ የማይስማማውም ካለ ለውዝ ሻይን አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ። ሲያዩት ወተት ያለበት ሻይ ነው የሚመስለው።

ረቡዕ፦ ቀስ በሉ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከቆላ አገር የመጣ ሰው የመጀመሪያውን ቀን ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ ያጥረዋል፣ ራሱንም ያመዋል፣ የምግብ ፍላጎቱም ይቀንሳል። ስለዚህ ረቡዕን አልጫንም። ውሃ ይጠጡ፣ ይተኙ።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ቡና ለመጠጣት እንወጣለን። ቶሞካ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቡና የሚቆላ ቤት ነው፣ ዛሬ ቅርንጫፉ ብዙ ስለሆነ የሚቀርባችሁን ምረጡ። ቆሞ መጠጣቱን ይወዱታል። ማኪያቶ ያዛሉ፤ ጣሊያን የተወችልን እኛም የራሳችን ያደረግነው መሆኑን ትነግሯቸዋላችሁ። "ስፕሪስ" የሚለውን ቃልም በዚሁ አስተምሯቸው። ቡና ቤት ካዘዙት ሻይና ቡና ተደባልቆ ይመጣል። ጭማቂ ቤት ካዘዙት ደግሞ አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ ተደራርቦ በማንኪያ ይመጣል። ይህችን አንድ ቃል ማወቅ ቀሪውን ሳምንት በራሳቸው እንዲያዙ ድፍረት ሰጥታቸዋለች።

እራት በያይነቱ ነው። ረቡዕ ስለሆነ የትም ትኩስ አለ። አንድ ትሪ ላይ ነገ የሚገዙትንና ከነገ ወዲያ የሚያበስሉትን ያዩታል። "ይሄኛውን ነው ዓርብ የምትሠሩት" ብዬ ቀዩን ምስር አሳየኋቸው። የአክስቴ ልጅ ባል ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ገበታ ላይ ምስሩን መጀመሪያ እየቀመሰ "ይሄኛው ሽንኩርቱ በዛ" ማለት ጀመረ።

ስለ ቦታ አንድ ማሳሰቢያ። ድሮ የምታውቁትን ቤት ሳትደውሉ እንግዳ ይዛችሁ አትሂዱ። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ብዙ ሰፈር ፈርሶ የቆዩ ምግብ ቤቶች ተነስተዋል። አትክልት ተራም ከፒያሳ ጎን ከተነሳ ቆይቷል፣ በ2012 ወደ ጃንሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄዷል። የውጭ የጉዞ መጽሐፍ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ግን አሁንም ፒያሳ ላይ ይፈልገዋል።

ሐሙስ፦ መርካቶ በዝርዝር

ለመርካቶ ሐሙስ ጠዋትን እመርጣለሁ። ቅዳሜ ሕዝቡ መፈናፈኛ አይሰጥም። እሑድ አብዛኛው ዝግ ነው። ዓርብ ደግሞ ከስድስት ሰዓት በኋላ ምን እንደሚሆን ነግሬያችኋለሁ። ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ተኩል ይበቃል። ከዚያ በላይ ከቆዩ እንግዶቹ ያዩትን መያዝ ያቅታቸዋል።

ታክሲው አንዋር መስጊድ አካባቢ ያውርዳችሁ። ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንም እዚያው አጠገቡ ስለሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን ያዩታል። ከመግባታችሁ በፊት "ከተጠፋፋን እዚህ በር ላይ" ተባባሉ። ቦርሳ በደረት በኩል ይታጠቅ፣ ስልክ ከእጅ አይውጣ። ከኋላ "መንገድ!" የሚል ድምፅ ሲሰማ ወዲያው ወደ ዳር መጠጋት ነው። ሸክም የያዘ ሰው ሩጫውን አያቆምም። ፎቶ ከማንሳት በፊት ሻጩን ይጠይቁ። አምስት፣ አሥር፣ ሃምሳ ብር ዘርዝራችሁ ያዙ።

ዝርዝራችን አጭር ነበር። ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ጥምዝ፣ ቁንዶ በርበሬና ቅርንፉድ ለመከለሻ፣ አንድ ኪሎ ምስር ክክ፣ ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡና። በዚህ ዝርዝር ላይ የሌለው በርበሬ ነው፤ አውቄ ነው የተውኩት።

በርበሬ በረንዳ ገብታችሁ የተፈጨ በርበሬ በክምር ስታዩ እንግዳው መግዛት ይፈልጋል። ይሽተተው፣ ቀለሙን ይየው፣ ለወጡ ግን አይግዛ። የተፈጨ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ብናኝ የሚቀላቅሉ እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ጥሩው መንገድ ማረቆን የመሰለ ዛላውን ገዝቶ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ መቀንጠስ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላና ጤና አዳም ጋር ማሰናዳት፣ ከዚያ ማስፈጨት ነው። ይህ ደግሞ የቀናት ሥራ ነው፣ በአራት ቀን ጉዞ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ በርበሬው እቴቴ ለዓመት ካዘጋጁት ይወጣል። የገዛችሁትን መሞከር ከፈለጋችሁ ግን አንድ ማንኪያ በብርጭቆ ውሃ ላይ በተን አድርጉ። በርበሬው ላይ ሲንሳፈፍ ሸክላው ወዲያው ታች ወርዶ እንደ ጭቃ ይረጋል። ጣታችሁን አስገብታችሁ ብታሹት አሸዋ አሸዋ ይላል።

እንግዶቹን በራሳቸው እንዲገዙ ያደረግኩት ኮረሪማውን ነው። ኮረሪማ ሳይፈለፈል ሙሉውን ከነልጡ ይግዙ። ጆሮ አጠገብ ሲነቀነቅ ዘሩ የሚንኳኳ ከሆነ በደንብ ደርቋል። አንዱን ሻጯን አስፈቅዳችሁ ክፈቱ። ዘሩ ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅና ሲታኘክ አፍ የሚያሞቅ መሆን አለበት። ነጣ ያለ ወይም የሻገተ ሽታ ያለው ከሆነ እለፉት። የአክስቴ ልጅ ዘሩን ስትነክሰው ዝም ብላ ቆየችና "የእማዬ ቡና" አለች። እናቷ ቡና ላይ ኮረሪማ ጣል ያደርጉ ነበር። ሻጯ ይህን ሰምታ ሁለት ፍሬ መርቃ ጨመረችላት።

ዋጋ ላይ አንድ ዘዴ አለኝ። እንግዳው ዕቃውን ያሸታል፣ ይመርጣል፣ ይጠይቃል። የምከራከረው ግን እኔ ነኝ፣ ለዚያም ከመሄዴ በፊት ባለው ቀን የሰፈሬን ሱቅ ዋጋ ጠይቄ እሄዳለሁ። ሰፈር ካለው ብዙም ካልራቀ አልጨቃጨቅም።

ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከመርካቶ አልሸከምም። ሲመለሱ የሰፈር ጉልት ላይ ይገዛሉ። ጉልት ለእንግዳ ከመርካቶ የማይተናነስ ትምህርት ነው። ሚዛን የለም፣ በመደብ ነው። አምስት ሽንኩርት አንድ መደብ፣ ከፈለጉ ተነስቶ በሌላ ይቀየራል። ሰው ሳይተራመስ ቁጭ ብለው ሊያወሩም ይችላሉ።

መንገድ ዳር፦ በግማሽ ቀን አንድ

የመንገድ ዳር ምግብ ላይ ያለኝ ደንብ አንድ ነው። ለአዲስ ሆድ በግማሽ ቀን ከአንድ ዓይነት በላይ አላቀምስም። ሆዱን ከቆረጠው ከምን እንደመጣ እናውቃለን። አምስት ነገር ቀምሶ ቢያመው ግን ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነው የሚፈራው።

የምመርጠው ፊት ለፊታችን ከእሳት የሚወጣውን ነው። የምስር ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ ጠዋት ሥራ መግቢያ ላይ፣ ደግሞም አሥር ሰዓት ገደማ ትኩስ ይገኛሉ። በመካከል ያሉት ሰዓቶች ላይ መስታወት ውስጥ የቆየ ነው የሚሰጧችሁ። ዘይቱን እዩት፣ ጠቁሮ አረፋ ከያዘ ሂዱ። ክረምት ሊወጣ ሲል እሸት በቆሎ ከሰል ላይ ይጠበሳል፣ እሱን ያለ ስጋት ስጡ። በለስም ክረምት ላይ አለ። ልጆቹ በቢላ ልጠው ያጎርሷችኋል፣ እንግዳው ልጡን በእጁ እንዳይነካ ብቻ ጠብቁት፤ እሾሁ ዓይን አያየውም፣ ቀኑን ሙሉ ግን ይወጋል። እርጥብም ደግ ነው፤ ድንቹ ከዘይት ሲወጣ ጠብቃችሁ ዳቦው ውስጥ አስገቡለት፣ ዳጣውን ግን ለመጀመሪያው ቀን ይተወው። የምጠረጥረው ሁልጊዜ ድንቹን ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ክፍት የዋለውን ማባያ ነው። ሰላጣና በረዶም እንዲሁ።

በአዲሶቹ ሰፋፊ ጎዳናዎች ላይ እንደ ድሮው ብዙ መንገድ ዳር ሻጭ አታገኙም። የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ላይ፣ ትምህርት ቤት ጀርባና ታክሲ መያዣ አካባቢ ፈልጉ። እኛ ሐሙስ ጠዋት ከመርካቶ በፊት ትኩስ ቦንቦሊኖ በሻይ፣ ከሰዓት ደግሞ የጀበና ቡና ከፈንዲሻ ጋር አደረግን። ምሳው ጥብስ ነበር። በቃ።

ዓርብ፦ እቴቴ ቤት

ከአራት ሰው በላይ አይሁን፣ ምድጃው ዙሪያ አይበቃም። ክፍያውን ቀደም ብላችሁ ተነጋገሩ። ጎረቤት ስለሆኑ "ምንም አልፈልግም" ይላሉ። እኔ የግማሽ ቀን ሥራና የሊጡን ዋጋ አስቤ በፖስታ እሰጣቸዋለሁ፣ እንግዶቹ ሳያዩ። ከሰልም ይዘጋጅ። መብራት ከጠፋ ወጡ በከሰል ይቀጥላል፤ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ግን ይቆማል፤ ስለዚህ እቴቴ ለገበታ የሚበቃ እንጀራ ሐሙስ ያስጋግራሉ።

ለአራት ሰው የሠራነው ይህ ነው። ሁለት ኩባያ ምስር ክክ፣ አራት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ።

ሦስት ሰዓት ላይ መክተፍ ተጀመረ። ሽንኩርቱ ደቆ እንዲከተፍ እቴቴ ቆመው ይጠብቃሉ። ትልልቅ የቀረ ሽንኩርት ወጡ ውስጥ አይሟሟም፣ ወጡም አይያያዝም። ምስሩ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ይታጠባል። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ድስት ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ የራሱን ውሃ ያወጣል፣ ከዚያ ይደርቃል። መያዝ ሲጀምር ውሃ ጠብ እያደረጉ ማማሰል ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል፣ ወደ ወርቅማ እስኪዞር። ዳር ዳሩ ከጠቆረ ይመራል፣ እቴቴ ያን ጊዜ ያለ ምሕረት ደፍተው ያስጀምራሉ።

ከዚያ ዘይቱ፣ ቀጥሎ በርበሬው። እንግዳ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እሳቱ በርትቶ በርበሬው ደረቅ ዘይት ላይ ካረፈ ያርራል፣ ቤቱ ሁሉ ያስላል፣ ቀለሙም ወደ ጥቁር ይሄዳል። ያረረ በርበሬ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ እሳቱ ዝቅ ይላል፣ በርበሬው ሲገባ አብሮ ግማሽ ጭልፋ ሙቅ ውሃ ይገባል። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ትዕግሥት ነው። ሲደርቅ ጠብ፣ ሲደርቅ ጠብ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉም በመሃል ይገባሉ።

መድረሱን በምን ታውቃላችሁ? የአክስቴ ልጅ ባል ሦስቴ "ደረሰ?" ብሎ ጠየቀ። እቴቴ ማማሰያውን ድስቱ ታች ላይ ጎተት አደረጉትና "እየው" አሉት። የተጎተተበት መስመር ወዲያው ካልተከደነና በመስመሩ ዳር ቀይ ዘይት ከወጣ ደርሷል። ሽታውም ይለወጣል፤ የሚኮሰኩሰው የጥሬ በርበሬ ሽታ ጠፍቶ ጣፈጥ ያለ ነገር ይመጣል። ይህ ሳይሆን ምስር ከተጨመረ ወጡ ከላይ ውሃ፣ ከታች ክክ ሆኖ ይቀራል፣ ሲበሉትም ጥሬ ጥሬ ይላል።

ምስሩ ከነ ሙቅ ውሃ ገብቶ ከሃያ አምስት እስከ ሠላሳ ደቂቃ ይንተከተካል። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ለእንግዳው ንገሩት፤ አገሩ ቆላ ከሆነ ምስሩ እዚያ ቶሎ ይፈርስበታል፣ ቀደም ብሎ ይየው። ጨው መጨረሻ ላይ። እቴቴ በማንኪያ ቀመሱ፣ ጨው ጨመሩ፣ እንደገና ቀመሱና ራሳቸውን ነቀነቁ። ባለፈው የጎደለን ይህ ነበር። ከዚያ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱና የቀረው ተቆልቶ ሙቀጫ ውስጥ የተወቀጠው መከለሻ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ተነስንሶ ድስቱ ወረደ።

ምስሩ ሲንተከተክ ምጣዱ ይጣዳል። ምጣዱ በጎመን ዘር ይታሻል። ሊጡ ከዳር ጀምሮ ወደ መሃል እየተሽከረከረ ይፈስሳል። ዓይኑ ሲወጣ ይከደናል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ዳሩ ሲነሳ በሰፌድ ይወጣል። ዓይን ካላወጣ ብዙውን ጊዜ ምጣዱ አልጋለም፣ ወይም አብሲቱ ልክ አልመጣም። ለእያንዳንዱ እንግዳ ሦስት ሦስት ጊዜ ስጡት። የመጀመሪያው ይቀደዳል፣ ሁለተኛው ይወፍራል። የአክስቴ ልጅ ባል ሦስተኛው ክብ ሆኖ ሲወጣለት እቴቴ "ጎሽ የኔ ልጅ!" ብለው እልል አሉ። እሱን እንጀራ ማንም እንዲቆርሰው አልፈለገም፣ መጨረሻ ላይ ግን እቴቴ ከሱው ቆርሰው በምስር ጠቅልለው አጎረሱት።

ከምሳ በኋላ ጥሬው ቡና ታጥቦ ይቆላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሦስቱንም ይጠጡ፣ ቀጠሮ ከዚህ በኋላ አታስገቡ። እኛ ስንወጣ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

ቅዳሜ፦ ፉል፣ ሾላና ማሸግ

ጠዋት ፉል በትኩስ ዳቦ። ከዚያ ወደ ሾላ ገበያ፣ ከመርካቶ ይቀላል፣ ቅቤው ይታወቃል። ለጋውን፣ መካከለኛውንና በሳሉን ቅቤ አሽትተው ልዩነቱን ይዩ። ቅቤ ላይም ሙዝና የአትክልት ዘይት የሚደባልቁ ስላሉ ቤታችሁ የሚገባውን ከደንበኛችሁ ብቻ ግዙ።

ምሳው ክትፎ ነው፣ ቅዳሜ ስለሆነ ሁሉም ይበላል። ለእንግዳ ግን ጥሬውን አላዝም። የኮሶ ትል የሚመጣው ከጥሬ የከብት ሥጋ ነው፣ ለብለቡም ሙሉ በሙሉ ስለማይበስል አያስተማምንም። በደንብ የበሰለውን አዝዛለሁ። ቅቤውና ሚጥሚጣው ሲገባበት ጣዕሙ አይጎድልም፣ አይቡና ጎመኑም አብሮ አለ።

ከበረራ በፊት ማሸግ። ወደ አውሮፓ ለሚሄድ እንግዳ ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ ሻንጣ ውስጥ አይግባ፣ የሥጋና የወተት ውጤት ስለማይፈቀድ ይወረሳል። በርበሬ፣ ኮረሪማና የተቆላ ቡና ግን ምንም አይሉም። በርበሬውን በሁለት ላስቲክ ደርባችሁ በፕላስቲክ ዕቃ ክደኑት። አንድ ላስቲክ ብቻ ከሆነ ሸሚዙ ሁሉ ቀይ ሆኖ ይደርሳል። እቴቴ ከራሳቸው ማሰሮ ግማሽ ኪሎ ቀድተው ላኩላቸው። ከላዩ ላይ በወረቀት "ሦስት ማንኪያ፣ እሳት ዝቅ፣ ውሃ ጠብ" ብለው አስጻፉኝ።